ሉሁ σ/2ε₀፣ ብረቱ σ/ε₀፦ ጣሳው አንድ ከሆነ ሁለቷ የት ገባች?

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት የፍሬሽማን ተማሪ ፊዚክስ አስጠናለሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ በራሴ አፍ ጉድ ሆንኩ። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ጎኑ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ ስስ ብረት አለ፣ 4 ናኖ ኩሎምብ ቻርጅ ተሰጥቶታል፣ ከመሃሉ 1 ሴንቲሜትር ከፍ ብለን የኤሌክትሪክ ፊልዱን እንድናገኝ ነው፣ የጠርዙን ነገር ተዉት ይላል። እኔ ቻርጁን ለ0.04 ካሬ ሜትር አካፍዬ σ = 10⁻⁷ ኩሎምብ በካሬ ሜትር አገኘሁ፣ ብረት ስለሆነ ደግሞ E = σ/ε₀ ብዬ 11300 ኒውተን በኩሎምብ ጻፍኩ። የመልስ ቁልፉ 5650 ነው የሚለው። ቁልፉ ተሳስቷል ብዬ አለፍኩት።

ልጅቷ ግን አላለፈችኝም። ደብተሯን ወደኋላ ገልጣ፣ በቀደም በጋውስ ሕግ ስለ ቻርጅ ሉህ ስናወራም ያቺኑ ጣሳ የምትመስል ዝግ ሰርፌስ ስለን ነበር፣ ያኔ σ/2ε₀ ወጣ፣ ዛሬ በምን ምክንያት ሁለቷ ጠፋች አለችኝ። ያው ኮንዳክተር ስለሆነ ምናምን ብዬ ሸፋፈንኩ፣ ሻይ መጣ፣ ዳንኩ። አሁን እናንተ ንገሩኝ፣ ማነው የተሳሳተው?

ከስር የጨመርኩት፦ ክሩ በጣም ስለረዘመና መሃል ላይ ስለ መኪና በርና ስለ አማርኛ ጭምር ስለተጣላን፣ አዲስ የሚመጣ ሰው እንዳይደናበር ዋና ዋናዎቹን በየቁጥራቸው እኔው እተርካቸዋለሁ። የተዘለለ ቁጥር ካያችሁ ወይ ስድብ ነው ወይ ጣት ቀስሮ ያለፈ ሰው ነው።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ ራሱን ፍሬሹ የሚል ልጅ ነው፣ በጣም ትሁት፣ ሰላምታው ብቻ ሦስት መስመር። ሃሳቡ፣ ብረት ሁለት ፊት አለው፣ እያንዳንዱ ፊት እንደ አንድ ሉህ σ/2ε₀ ይሰጣል፣ ሁለቱ ሲደመሩ σ/ε₀ ይሆናል፣ ስለዚህ እኔ ልክ ነኝ ቁልፉ ነው የተሳሳተው የሚል ነበር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ደስታዬ ግን እስከ መልስ 4 ብቻ ነው የቆየው።

መልስ 2። ሞባይል የሚጠግን አንድ ወንድማችን ነው። ጥያቄውን ካፓሲተር አድርጎ አነበበው። σ/ε₀ የሚሠራው በሁለት ዝርግ ብረቶች መካከል ነው፣ አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ኔጌቲቭ፣ በመካከላቸው ስንት ሚሊሜትር ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥሎ አንድ ማይክሮዌቭ ከፍቶ ካፓሲተሩ እንዴት አድርጎ ግድግዳ ላይ እንደወረወረው በረጅሙ ተረከ፣ ከሶኬት መነቀሉ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ የዚያን ቀን ነው የገባኝ አለ። ታሪኩ ለጥያቄዬ ባይሆንም ማይክሮዌቭ ለሚከፍት ሰው ይጠቅማል፣ ስለዚህ አላስነሳሁትም። በመልስ 3 አንድ ብረት ብቻ ነው ያለው ብዬ መለስኩለት።

መልስ 4። እዚህ ጋ ነው ወ/ሮ ኩሎምብ የገቡት። እኚህ ሴት ለብዙ ዓመት ሃይስኩል ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው፣ መድረኩ ላይ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ቁልፉም ልክ ነው፣ ሁለቱም ፎርሙላዎች ልክ ናቸው፣ ያልሆነው አንተ σ ብለህ የጻፍካት ፊደል ናት አሉኝ። ነገሩን ያስረዱት እንዲህ ነው። የቻርጅ ሉህ ስንል ጣሳዋ ሉሁን በስታ ታልፋለች፣ አንዱ ክዳን ከላይ ሌላው ከታች፣ በሁለቱም ክዳኖች ፊልድ ይወጣል፣ ጎኗን ታክኮ ስለሚሄድ በጎኗ ምንም አያልፍም። ሁለት ክዳን ስላለ 2EA = σA/ε₀፣ ከዚያ σ/2ε₀። እዚህ ጋ σ በዚያ ቦታ ያለው ጠቅላላ ቻርጅ ነው፣ ምክንያቱም ጣሳዋ ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ጠቅልላ ይዛዋለች። የብረቱ ጣሳ ግን ከላይ ጀምራ ብረቱ ሥጋ ውስጥ ነው የምትቆመው። ብረት ውስጥ ቻርጁ ከረጋ በኋላ ፊልድ ዜሮ ነው፣ ስለዚህ የታችኛው ክዳን ሥራ ፈት ነው። EA = σA/ε₀። እዚህ ግን σ የላይኛው ፊት ቻርጅ ብቻ ነው፣ የታችኛው ፊት ከጣሳዋ ውጪ ቀርቷል።

እና የኔ 4 ናኖ ኩሎምብ ለሁለት ፊት ይካፈላል። አንዱ ፊት 2 ናኖ ነው የሚይዘው፣ σ ደግሞ 5×10⁻⁸ ይሆናል፣ ያንን ለε₀ ስናካፍለው 5650። በሌላ በኩል ብረቱን ከሩቅ እንዳየ ሰው እንደ አንድ ሉህ ብንቆጥረው ጠቅላላው σ 10⁻⁷ ነው፣ ለ2ε₀ ሲካፈል እሱም 5650። እኔ የሠራሁት የሉሁን σ ከብረቱ ፎርሙላ ጋር ማጋባት ነው። በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱኝ፦ ቻርጁን ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርከው አሉኝ።

መልስ 6። ቁጥሩ ተስማማ ብሎ መተኛት ይቻል ነበር፣ ግን ማታ ማታ ብቻ የሚገባ አንድ ቆቅ የሚባል ልጅ አለ፣ አፉ ስለት ነው። እትዬ ያሉት አልተዋጠለትም። የላይኛው ጣሳ የታችኛውን ፊት ቻርጅ ካላካተተች፣ ያ 2 ናኖ ኩሎምብ ላይኛው ፊልድ ላይ ምንም ድርሻ የለውም ማለት ነው፣ ደግሞ የጋውስ ሕግ ፊልድ የሚመጣው ውስጥ ካለው ቻርጅ ብቻ ነው ስለሚል ነገሩ አለቀ፣ የፍሬሹን የሁለት ፊት ድምር ምን አመጣው አለ። ማስተማር ያልቻለ ሰው ነው ፎርሙላ የሚያበዛ የሚል ነገርም ጨመረበት፣ እሱን መድረኩ አልወደደለትም።

መልስ 7። እትዬ ስድቡን እንዳላየ አልፈው ወደ ነገሩ ገቡ፣ እኔ ከክሩ ሁሉ በጣም የተማርኩት ከዚህች መልስ ነው። ሕጉ ስለ ፊልድ አይደለም የሚናገረው፣ በዝግ ሰርፌሱ ተቆጥሮ ስለሚወጣው ጠቅላላ ፍላክስ ነው አሉ። ውጪ ያለ ቻርጅም ክዳኑ ላይ ፊልድ አለው፣ ነገር ግን በአንድ በኩል ያስገባውን በሌላ በኩል ስለሚያስወጣ ሂሳቡ ላይ ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ EA ስንል ያቺ E የሁሉም ቻርጅ ድምር ናት፣ ጣሳ ውስጥ የገባውም ያልገባውም።

ከዚያ የኔኑ ብረት ወስደው ከፈቱት። የላይኛው ፊት ብቻውን ቢሆን ወደላይም ወደታችም 2825 ይገፋል። የታችኛውም ፊት ብቻውን እንደዚያው ወደላይ 2825፣ ወደታች 2825። ከብረቱ በላይ ከቆምን ሁለቱም ወደላይ ስለሚገፉ 5650። ከብረቱ በታች ሁለቱም ወደታች፣ 5650። ብረቱ ውስጥ ደግሞ የላይኛው ወደታች፣ የታችኛው ወደላይ፣ ተጣፍተው ዜሮ። ቆቅ ድርሻ የለውም ያለው ታችኛው ፊት ግማሹን እየሠራ ነበር ማለት ነው። ድርሻው የተደበቀው የታችኛው ክዳን ዜሮ ነው ባልንበት ቦታ ነው፣ እዚያ ዜሮ እንዲሆን ያደረገው እኮ እሱ ነው!

ቆቅ በመልስ 8 እሺ አለ። ይቅርታ አላለም፣ እሺ ብቻ።

መልስ 9። ፍሬሹ ተመለሰ፣ ስለዚህ እኔም ልክ ነበርኩ ሁለት ፊት ብዬ ነበር አለ። ግማሽ ልክ ነበር፣ የፊቶቹን መደመር ቀድሞ አይቷል፣ ግን ለእያንዳንዱ ፊት ሙሉውን 4 ናኖ ስለሰጠው መልሱ እጥፍ ሆነበት። ደግሞ ዝርግ ላልሆነ ብረትስ ብሎ አንዱ ጠየቀው፣ ኳስ ሁለተኛ ፊት የለውም፣ እዚያ ማን ይደመራል? ፍሬሹ መልስ አልነበረውም፣ እኔም አልነበረኝም።

መልስ 11። የኳሱን ነገር ያመጣው ራሱ ጠያቂው መለሰው፣ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይመስለኛል። ያንኑ 4 ናኖ ኩሎምብ ሬዲየሱ 10 ሴንቲሜትር በሆነ ባዶ የብረት ኳስ ላይ አስቀመጠው። ኳሱን በሌላ ትንሽ ሰፋ ባለ ኳስ ከበበው፣ ኳሱ በየትኛውም በኩል ብናዞረው ያው ስለሆነ ፊልዱ ቀጥ ብሎ ወደ ውጪ ከመሄድና በሁሉም አቅጣጫ እኩል ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም፣ ስለዚህ E × 4πr² = Q/ε₀። ልክ ከቆዳው ላይ ሲያወጣው ወደ 3600 ኒውተን በኩሎምብ ነው። ከቆዳው ስር፣ ባዶው ውስጥ፣ ዜሮ።

አሁን ከቆዳው ላይ የሳንቲም ያህል ቁራጭ በሃሳብ ነጥላችሁ ተመልከቱ ይላል። በጣም ቀርበን ስናየው ቁራጩ ዝርግ ሉህ ነው፣ ስለዚህ ወደ ውጪ 1800 ወደ ውስጥ 1800 ይገፋል። ውጪው 3600 ከሆነ የቀረው 1800 ከየት መጣ? ከቀረው ኳስ ሁሉ። ውስጥ ደግሞ ያው የቀረው ኳስ 1800 ወደ ውጪ ሲገፋ ቁራጩ 1800 ወደ ውስጥ፣ ዜሮ። ስለዚህ ቁራጩን በእውነት ቆርጠን ብናነሳው፣ በቀዳዳው መሃል 3600ም ዜሮም አይደለም የምናገኘው፣ 1800 ነው። ቀዳዳው ከኳሱ አንጻር ትንሽ መሆን አለበት፣ ሌላው ቻርጅ እንዳለ ይቆያል ብለን። የዝርጉ ብረት ጀርባ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው የቀረው ኳስ በሙሉ ነው፣ ሁለተኛ ፊት አያስፈልግም።

እኔ ይቺን ቀዳዳ ሳያት ነው ሁለቷ የት እንደገባች የገባኝ።

ከመልስ 12 እስከ 17። እዚህ ጋ ክሩ ጠፋ። ሪያድ ያለች አንዲት እህት የመኪና በር በነካች ቁጥር ቻርጅ እንደሚመታት፣ ልጇን ስታቅፍ እንኳን እንደሚፈነጥቅ ጻፈች፣ ይሄም σ/ε₀ ነው ወይ አለች። የላብራቶሪው ሰው በጨዋነት መለሰላት፦ አዎ የጣትሽም ቆዳ እንደ ኮንዳክተር ነው፣ አየር ደረቅ ሲሆን ቻርጁ የሚሸሽበት ስለሌለው ይጠራቀማል፣ ከጣትሽ ጫፍ ያለው ፊልድ በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት አካባቢ ሲደርስ አየሩ ይሰበርና ይፈነጥቃል። ጣቷን ከማስጠጋቷ በፊት በቁልፍ ጫፍ በሩን እንድትነካ መከራት፣ ብልጭታው ቁልፉ ላይ ስለሚያልፍ ቆዳ አያምም። በኋላ መጥታ አመሰገነችው። ማይክሮዌቭ የከፈተው ወንድማችንም በዚሁ አጋጣሚ ታሪኩን ሊደግመው ነበር።

መልስ 18። ይህ ሰው ፊዚክሱን ትቶ አማርኛችንን ገሰጸ። ሙል እና መስክ እያለን ቻርጅና ፊልድ ማለት ምን የሚሉት ውርደት ነው፣ እኛ ሰባተኛ ክፍል ሙል ብለን ነው የተማርነው አለ። ቆቅ ወዲያው ተነሳበት፣ ሙል ብለህ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ማን ገባህ ብሎ። እትዬ ሁለቱንም ቻሉ፣ እሳቸው ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ሙል ብለው ጀምረው ወደ ፈተና ሲቃረቡ ቻርጅ ወደ ማለት እንደሚቀይሩ ብቻ ተናግረው ወጡ። እኔ በበኩሌ መስክ ሲባል ላም ነው የሚታየኝ፣ ግን ይሄ የኔ ችግር ነው።

መልስ 21። አንድ አዲስ ሰው ገባና፣ ይሄ ሁሉ ግርግር ለምን፣ የጋውስ ሕግ ለማንኛውም ቅርጽ ስለሚሠራ ለኩብም ዝም ብላችሁ ኩብ ስላችሁ Q/ε₀ን ለስድስት ፊት አካፍሉ፣ ከዚያ ለአንዱ ፊት ስፋት አካፍሉ፣ ፊልዱ ያ ነው አለ። በጣም እርግጠኛ ነበር።

መልስ 22። የላብራቶሪው ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ቆጣ አለ። ሕጉ ለኩብም ልክ ነው፣ ፍላክሱም በእያንዳንዱ ፊት አንድ ስድስተኛ ነው፣ ግን ያገኘኸው አማካይ ነው እንጂ በአንድ ነጥብ ላይ ያለ ፊልድ አይደለም አለው። በጣም ቀላሉን ምሳሌ ሰጠ፦ አንድ ነጥብ ቻርጅ በኩብ መሃል አስቀምጥ። የኩቡ ጥግ ከፊቱ መሃል ይልቅ √3 እጥፍ ይርቃል፣ ስለዚህ ጥጉ ላይ ፊልዱ በሦስት እጥፍ ይደክማል፣ ያም ሳያንስ አዘንብሎ ስለሚወጣ ቀጥ ብሎ የሚያልፈው ክፍል ከመሃሉ አምስት እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። ይሄን የተዘበራረቀ ነገር E ብለህ ከሂሳቡ ውጪ ማውጣት አትችልም። E ከኢንተግራሉ የምትወጣው በዚያ ሰርፌስ ላይ እኩል መሆኗን አስቀድመህ በሌላ ምክንያት ካወቅህ ብቻ ነው። ያ ሌላ ምክንያት ሲሜትሪ ነው፣ ሕጉ ራሱ አይሰጥህም።

ሉሁ ላይም ተመሳሳይ ነገር አሳየ፣ እኔ በሦስት ዓመት ማስጠናት አንድም ቀን ያላልኩትን። ፊልዱ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው በል። ሉሁን በቆምክበት ነጥብ ዙሪያ ግማሽ ዙር አዙረው፣ ዘንበል ያለው ወደ ግራ ይሆናል። ግን ሉሁ ማለቂያ የለውም፣ የተዞረውና ያልተዞረው በዓይን አይለዩም፣ ስለዚህ ፊልዱም መለየት የለበትም። ከዚህ የሚያመልጠው ቀጥ ብሎ የቆመው ብቻ ነው። ላይና ታች እኩል መሆናቸውም ከዚሁ ነው፣ ሉሁን ብትገለብጠው ያው ነው። የብረቱ ቆዳ ደግሞ ሲገለበጥ ያው አይደለም፣ በአንድ በኩል ብረት በአንድ በኩል አየር፣ ስለዚህ ሁለት እኩል ክዳን ብሎ ነገር እዚያ አይሠራም።

የኩቡ ሰው አልተመለሰም።

መልስ 25። እትዬ በመጨረሻ ወደ ጥያቄዬ ተመልሰው ያስጨነቀኝን ነገር አመጡ። ጠርዙን ተዉት የሚለው ቃል ስንት ያስከፍላል? በመጀመሪያ ብረት አይሁን፣ ቻርጁ እንደተለጠፈ በየቦታው እኩል የሆነ የፕላስቲክ ካሬ ይሁን አሉ፣ ያው 20 ሴንቲሜትር ያው 4 ናኖ። በ1 ሴንቲሜትር ከፍታ ትክክለኛው መልስ የ5650 ዘጠና አንድ በመቶ ገደማ ነው፣ ይሄ ይታለፋል። በ10 ሴንቲሜትር ግን አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው የሚቀረው፣ ለዚህ ደግሞ ኢንተግራል አያስፈልግም፦ እዚያ የቆመ ሰው ሉሁን የሚያየው በኩብ መሃል ተቀምጦ አንዱን ፊት እንደሚያይ ነው፣ ከዙሪያው ሁሉ አንድ ስድስተኛ፣ ማለቂያ የሌለው ሉህ ግን ግማሹን ነው የሚሸፍንበት። አንድ ሜትር ስትርቅ ደግሞ ሉህ መሆኑ ይረሳል፣ እንደ ነጥብ ቻርጅ 36 አካባቢ። የመልስ 21 ኩብ ቢያንስ ለዚህ ጠቀመ።

መልስ 26። ከዚያ የላብራቶሪው ሰው ሌላ ሃሳብ ጣለ። ብረት ላይ ቻርጁ እኩል አይቀመጥም፣ እርስ በእርሱ እየተገፋ ወደ ጠርዝ ይሸሻል። ብቻውን ለቆመ ስስ ክብ ብረት ትክክለኛው አቀማመጥ ይታወቃል፣ መሃሉ ላይ ያለው የአማካዩ ግማሽ ነው። ካሬውም ጥጉ ስለሚሰበስብ ወደዚያው የሚጠጋ ነገር ነው። ስለዚህ የእውነት ብረት ወስደን ብንለካ ከመሃሉ በላይ የምናገኘው 5650 አይደለም፣ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው፣ እና የቁልፉ መልስ ልክ የሚሆነው ቻርጁ እኩል ተዘርግቷል ብለን ስንስማማ ብቻ ነው። ታዲያ የጥያቄው አውጪ ለምን ብረት አለ?

መልስ 27። እትዬ በዚህ አልተስማሙም። ጠርዙን ተዉት ሲባል ቻርጁ ወደ ጠርዝ መሸሹንም ተዉት ማለት ነው፣ ተማሪው ጣሳዋን የት እንደሚያቆም ለመፈተን ነው ብረት የተባለው አሉ። የላብራቶሪው ሰው ግማሽ የሚያህል ስህተት ጠርዝ ተብሎ አይታለፍም ብሎ ጸና። ሦስት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ግን አልተስማሙም። እኔ ወደ እሱ ነው የማደላው፣ ልጅቷ ፊት ግን የእትዬን ነው የምናገረው፣ ፈተናው እንደዚያ ስለሆነ።

መልስ 34። ቆቅ ካሬውን በትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ በኮምፒውተር አስልቶ የመሃሉን ቁጥር እንደሚያመጣ ቃል ገባ። እስካሁን አላመጣም። ፍሬሹ በየቀኑ እየገባ የት ደረሰ ይለዋል።